ማስታገሻ የሚያመጣው ራስ ምታት

ጠዋት ራሱን ይዞት የተነሳ ሰው ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል በውሃ አወራርዶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሁለት ፍሬ ይደግማል። በማግሥቱም እንዲሁ ይሆናል። ወራት ካለፉ በኋላ ለምን ይህን ያህል መድኃኒት እንደሚውጥ ቢጠየቅ "ራሴን ስለሚያመኝ ነዋ" ብሎ ይመልሳል። ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን የተናገረው የነገሩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መድኃኒቱን በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለሚወስድ ራሱን የሚያመው መሆኑ ነው።

ሐኪሞች ይህን ማስታገሻ አብዝቶ በመውሰድ የሚመጣ ራስ ምታት ይሉታል፤ "ሪባውንድ" በሚለው ስሙ የሚያውቁትም አሉ። ከመቶ ሰዎች አንዱን ወይም ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉት ይበዛል። ትናንት የተገኘ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ፒተርስና ሆርተን የተባሉ ሐኪሞች ኤርጎታሚን የተባለውን የማይግሬን መድኃኒት አዘውትረው የሚወስዱ ሕሙማን ሕመማቸው እንደሚብስባቸው፣ መድኃኒቱን ሲተዉ ግን እንደሚሻላቸው ጽፈው ነበር። ከሰባ ዓመት በኋላም መድኃኒት ቤት ገብቶ ማስታገሻ የሚገዛ ሰው ይህን የሚነግረው እምብዛም አያገኝም።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው በአንድ ቀን ስንት ፍሬ እንደዋጠ ነው። ያ ለጉበት፣ ለጨጓራና ለኩላሊት ሲባል ሊያስጨንቅ ይገባል። ለዚህኛው ራስ ምታት ግን ቁም ነገሩ በወር ውስጥ በስንት ቀን ማስታገሻ እንደተወሰደ ነው። አንድ ክፉ ቀን በሐኪም የተፈቀደውን መጠን ሙሉውን ወስዶ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ያልነካ ሰው በዚህ በኩል አያሰጋውም። በየቀኑ አንዲት ፍሬ ብቻ የሚወስደው ግን፣ "እኔ እኮ ብዙ አልወስድም" ቢልም፣ ወጥመዱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ዓለም አቀፉ መለኪያ ሁለት ድንበር አለው። ፓራሲታሞልን፣ አስፕሪንን፣ አይቡፕሮፌንን ወይም ዳይክሎፌናክን ለየብቻቸው ለሚወስድ ሰው ድንበሩ በወር 15 ቀን ነው። ጠንከር ላሉት፣ ማለትም ትራማዶልና ኮዴይን ላሉባቸው፣ ለኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን ለሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለትና ሦስት መድኃኒት ለተቀላቀለባቸው ደግሞ 10 ቀን ነው። የተለያየ ዓይነት እያፈራረቀ የሚወስድ ሰውም በጥቅሉ የሚለካው በ10 ቀን ነው። በዚህ አካሄድ ከሦስት ወር በላይ የቆየና ራሱን የሚያመው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከመለኪያው ገብቷል። የእኛ ወር 30 ቀን ሙሉ ስለሆነ ስሌቱ ይቀላል፤ አንዱ ድንበር የወሩ ግማሽ፣ ሌላው ሲሶው ነው።

የሚገርመው፣ ይህ በሽታ ማስታገሻ የሚያበዛውን ሰው ሁሉ አይዝም። ለጉልበቱ ወይም ለወገቡ ሕመም ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የወሰደ፣ ከድሮም ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው ጨጓራው ሊላጥ፣ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ራስ ምታት ግን አይተርፈውም። የሚያዘው ቀድሞውኑ ማይግሬን ወይም በጭንቀትና በድካም የሚቀሰቀስ ራስ ምታት የነበረበት ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሰው አእምሮ ውስጥ የሕመም ስሜትን የሚቆጣጠሩት ነርቮች በተፈጥሯቸው ቶሎ ይቆጣሉ። ማስታገሻ በየጊዜው ሲደርስባቸው ሰውነት የራሱን የሕመም ማብረጃ ያሳንሳል፣ ነርቮቹም ከበፊቱ ይልቅ በጥቂት ነገር መጮህ ይጀምራሉ። ዝርዝሩ ገና እየተጠና ነው፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ማስታገሻው እንደ አራጣ ብድር ይሆናል፤ የዛሬን ችግር ያሳልፋል፣ ነገ ግን ወለዱን ጨምሮ ይጠይቃል።

ለማስረዳት እንዲመች አንዲት ሴት እናስብ። ዕድሜዋ 36 ነው፤ ባንክ ቤት በሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በወር ሁለት ጊዜ ያህል፣ በተለይ የወር አበባዋ ሲቃረብ፣ በአንድ በኩል ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ብርሃን ማየት አትችልም። ቤተሰቡ "ሳይነስ ነው" ይላታል፤ ማይግሬን ነው። ግንባርን ጫን እያለ ዓይን አካባቢ ስለሚሰማና አፍንጫንም ስለሚያረጥብ አገራችን ውስጥ ብዙ ማይግሬን በሳይነስ ስም ሲታከም ይኖራል። በዚያ ጊዜ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ወስዳ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከተኛች ይለቃት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ በዛባት። ወር መዝጊያ ሲደርስ መታመም አይቻልምና ሕመሙ ሳይጀምር "ልቅደመው" እያለች መዋጥ ጀመረች። ፓራሲታሞሉ አልበቃ ሲላት ከአሜሪካ የመጣች እህቷ ያመጣችላትን ትልቅ ጠርሙስ አድቪል ከፈተች፤ አይቡፕሮፌን ነው። እሱም ሲለግምባት መድኃኒት ቤት ካፌይን የተጨመረበትን ፓራሲታሞል ሰጧት። አሁን ከእንቅልፏ የምትነሳው ራሷን ይዞት ነው። ሕመሙ እንደ ድሮው በአንድ በኩል የሚፈልጥ ሳይሆን ራሷን በሙሉ ጠፍንጎ የሚይዝ፣ አንገቷ ድረስ የሚወርድ ድብን ያለ ሕመም ሆኗል። ድሮ ሙሉ ቀን ያሳርፋት የነበረው መድኃኒት አሁን ሦስት ሰዓት ብቻ ያቆያታል። ቦርሳዋ ውስጥ መድኃኒት ከሌለ ትደነግጣለች። እነዚህ ሁሉ፣ የጠዋቱ ሕመም፣ የሕመሙ መልክ መለወጥ፣ የመድኃኒቱ ጉልበት ማጠር፣ ቀድሞ መዋጥ፣ ያለ መድኃኒት ከቤት መውጣትን መፍራት፣ አብረው ሲታዩ ነገሩን ያሳብቃሉ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የተሰጣት የመጀመሪያው ትእዛዝ መጻፍ ነበር። ሚያዝያን ሙሉ በግድግዳ ካላንደር ላይ ራሷን ያመማትን ቀን አከበበች፤ መድኃኒት በወሰደችበት ቀን ደግሞ የመድኃኒቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሩ እንዲህ ሆነ፤ ፓራሲታሞል በ7 ቀን፣ አይቡፕሮፌን በ8 ቀን፣ ካፌይን ያለበት በ6 ቀን። እያንዳንዱን ለብቻው ላየው "ይሄ ምን አላት" የሚያሰኝ ነው፤ አንዱም የራሱን ድንበር አላለፈም። ሲደመር ግን 21 ይሆናል፤ በሁለት ቀን ሁለት ዓይነት ስለወሰደች እነዚያን አንድ አንድ ብለን ስንቆጥር 19 ቀን። ክቡ ደግሞ 23 ነበር። ሰው በልቡ ሲገምት ሁልጊዜ ያሳንሳል፤ ካላንደሩ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካት፣ የዓይኗን ውስጥ በመሣሪያ አየላት፣ እጅ እግሯንና ሚዛኗን ፈተሸ። ሌላ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ "ማስታገሻዎቹን በሙሉ በአንድ ቀን ያቆማሉ፤ ቢያንስ ለአንድ ወር" አላት። ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ትሪፕታንንና ካፌይን የተቀላቀለበትን በአንድ ጊዜ ማቆም አካልን አይጎዳም፤ ያሳምማል እንጂ። "ቀስ በቀስ ብቀንስስ?" የሚለው ጥያቄ ሁሉም የሚጠይቀው ነው፤ መልስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የዴንማርክ ጥናት ግማሾቹ ሕሙማን ማስታገሻ ጨርሰው ለሁለት ወር እንዲተዉ፣ ግማሾቹ በሳምንት እስከ ሁለት ቀን እንዲወስዱ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ የዕለት ተዕለት ራስ ምታታቸው ወደ አልፎ አልፎ የተመለሰላቸው ጨርሰው ከተዉት ውስጥ 70 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከቀነሱት ውስጥ ግን 42 ከመቶ ነበሩ። ጨርሶ መተው የሚከብድ ይመስላል እንጂ፣ በየቀኑ "ዛሬ ልውሰድ ወይስ ልቆይ" እያሉ ከራስ ጋር ከመሟገት ይቀላል።

የማቆሚያው ቀን መመረጥ አለበት። እሷ ወር መዝጊያው ካለፈ በኋላ ሐሙስ ማታን መረጠች፤ ዓርብንና ሰኞን ፈቃድ ወሰደች። ለባለቤቷና ለክፍል ኃላፊዋ አስቀድማ ነገረቻቸው። ቤት ውስጥ የቀረውን ማስታገሻ በሙሉ ለእናቷ ላከች፤ ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ከብዙ ምክር ይበልጣል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ራሱን የሚፈልጠው ሰው ኮመዲኖው ውስጥ ያለውን መድኃኒት እያሰበ ሊተኛ አይችልምና።

በዚያው ሐሙስ ማታ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊ ግራም ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ጀመረች። ይህ ማስታገሻ ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፣ ክብደትም ሊጨምር ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ወደ 25 አሳደገላት። ፕሮፕራኖሎልም ለዚሁ ያገለግላል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ቶፒራሜትና ቫልፕሮኤት የሚባሉት ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዱ ልትወልድ ለምትችል ሴት እንደ ዋዛ የሚታዘዙ አይደሉም። መከላከያ ጉልበቱ የሚታየው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው። መከላከያ ከተጀመረ ማስታገሻውን በግድ ማቆም ያስፈልጋል ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች ይከራከራሉ፤ መከላከያው ብቻውን የሚበቃቸው ሕሙማንም አሉ። በ2020 በዚያው በዴንማርክ 120 ሕሙማንን በሦስት ቡድን ከፍሎ ያወዳደረው ጥናት ግን የሁሉም ቡድን ሕሙማን እንደተሻላቸው፣ ከዚህ ራስ ምታት ሙሉ በሙሉ የተላቀቁት ደግሞ ማቆሙንና መከላከያውን አብረው በጀመሩት ዘንድ እንደሚበዙ አሳይቷል። እኔም ይህንኛውን መንገድ የምዘረዝረው ለዚህ ነው።

ዓርብ ደህና ዋለች። ቅዳሜ መጣባት። ከሰነበተባት ሁሉ የከፋ ሕመም ነበር፤ አስመለሳት፣ እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ልጆቿ ላይ ጮኸች። ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ፣ መጋረጃውን ዘግታ ዋለች። ለማስመለሱ የታዘዘላትን ሜቶክሎፕራማይድ ወሰደች፤ ይህ ማስታገሻ አይደለም፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይፈቀዳል። አንዳንድ ሐኪሞች በእነዚህ ቀናት ናፕሮክሲን በሰዓቱ እንዲወሰድ ያዛሉ። እሷ ግን አብዝታ ከወሰደቻቸው አንዱ አይቡፕሮፌን በመሆኑና ናፕሮክሲን የእሱ ዘመድ ስለሆነ አልተሰጣትም።

ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አሥር ቀን ይቆያል፤ ጥቂቶች ላይ አራት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። በጀርመን በተደረገ ጥናት ትሪፕታን ያቆሙት በአማካይ አራት ቀን ገደማ ሲታመሙ፣ ተራ ማስታገሻ ያቆሙት ዘጠኝና አሥር ቀን ያህል ታመዋል። ሰዎች የሚሸነፉት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። "ይኸው፣ ያለ መድኃኒት መኖር እንደማልችል አየሁ" ይላሉ። ያዩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሕመሙ የባሰው መድኃኒቱ ከሰውነት እየወጣ ስለሆነ ነው። በዚህ መሀል አንዲት ፍሬ ያመለጠችው ሰው ሁሉ ነገር ፈረሰ ብሎ መተው የለበትም፤ ቀኑን ጽፎ ካቆመበት ይቀጥል። የእሷ ሕመም በዘጠነኛው ቀን ሲላላ ተሰማት፤ በአሥራ አንደኛው ራሷን ሳያማት ተነሳች።

ቡና እዚህ ላይ የራሱ ምዕራፍ አለው። ቡና ያልጠጣ ቀን ራሱን እንደሚፈልጠው የማያውቅ አበሻ የለም፤ ካፌይን ከተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጀምርና እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ የሚችል ሕመም ነው። ካፌይን የተጨመረባቸው ማስታገሻዎች በአንድ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 65 ሚሊ ግራም ይይዛሉ፤ ሁለት ፍሬ የወሰደ ሰው አንድ ደህና ስኒ ቡና እንደጨመረ ይቁጠረው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያዘወትሩት ኤክሴድሪን ከዚህ ዓይነት ነው፤ አስፕሪንም ፓራሲታሞልም ካፌይንም አለበት፤ ስለዚህ ድንበሩ 10 ቀን ነው። ማስታገሻ በሚቆምበት ሳምንት ቡናንም በአንድ ላይ ማቆም ሁለት ሕመም መደራረብ ስለሆነ አይመከርም። እሷ በቀን ሦስት ጊዜ ትጠጣ ነበር፤ በዚያ ወር መጠኑንም ሰዓቱንም ሳትለውጥ ቆየች፤ ከዚያ በኋላ በየአራት አምስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች ወደ አንድ ጊዜ አወረደችው። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ወይም ረመዳንን የሚይዝ ሰውም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የጠዋቱን ቡና እየቀነሰ ቢመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚመጣው ራስ ምታትና እሱን ተከትሎ ከሚዋጠው ማስታገሻ ይድናል።

በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የማይቆሙ አሉ። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሌሎች የዚህ ወገን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ሰውነትን ያናውጣሉ፤ የሚቀነሱት በሐኪም ክትትል በየሳምንቱ ነው። ለልብ ወይም ለደም ሥር ተብሎ በየቀኑ የሚወሰደው አነስተኛ አስፕሪን፣ 75 ወይም 100 ሚሊ ግራም የሆነው፣ ከዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዳያቆመው አደራ እላለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ያለበትና አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ሰው ከቆጠራው በፊት ሐኪም ይይ። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ፣ እጅ እግርን ያዛለ፣ ንግግርን ያኮላተፈ፣ ዓይንን የጋረደ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ራስ ምታት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

በሰኔ የባንክ ሠራተኛዋ ካላንደር ላይ ክቡ 12 ነበር። በሐምሌ 7 ሆነ። ከሰባቱ ሦስቱ እነዚያ የምታውቃቸው፣ በአንድ በኩል የሚፈልጡት፣ ብርሃን የሚያስጠሉት ነበሩ። ማይግሬኗ አልጠፋም፤ ማስታገሻን መተው ማይግሬንን አያድንም። የጠፋው በላዩ ላይ የተደረበው የየዕለቱ ሕመም ነው። አሁን ማይግሬኑ ሲጀምራት፣ ሳይገፋባት፣ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ትወስዳለች፤ እንደ ድሮውም ይለቃታል። የተለቀቀው ነርቭ ለመድኃኒቱ እንደገና መልስ መስጠት ጀምሯል። ከወር አበባዋ በፊት እንደሚመጣባት ስለምታውቅ በዚያ ሰሞን እንቅልፏንና ምሳዋን አታዛባም፤ "ልቅደመው" ብላ ግን አትውጥም።

ከዚህ ራስ ምታት ከወጡት ሰዎች ከአሥሩ ከሁለት እስከ አራቱ በመጀመሪያው ዓመት ተመልሰው ይገቡበታል። አመላለሱ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ሐዘን፣ ፈተና፣ የልጅ ሕመም ወይም የሥራ ጭነት ይመጣል፤ አንድ ሳምንት መድኃኒት ይደጋገማል፤ ከዚያ መቁጠር ይተዋል። ለዚህ ነው ሐኪሟ ካላንደሩን እንዳታወርደው የነገራት። ደንቧ በሳምንት ከሁለት ቀን አለማለፍ ነው፤ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለጥርስም ይሁን ለወገብ የተወሰደው ሁሉ ይቆጠራል። በአንድ ወር ውስጥ 8 ቀን ከሞላ ወሩ እስኪያልቅ ማስታገሻ የለም። በሁለት ተከታታይ ወር 8 ከሞላ ደግሞ መከላከያው ከፍ እንዲል ወይም እንዲለወጥ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ሐኪሟ ዘንድ ትሄዳለች።